በቡል ፍላግ እና በሲሜትሪካል ትሪያንግል ላይ ስቶፕ የት ይቀመጥ?

ጥያቄ፦ «ቡል ፍላግ ሳይ መስመሩ እንደተሰበረ እገባለሁ፤ ወዲያው ተመልሶ ስቶፔን ይበላና ከዚያ ያለ እኔ ወደ ላይ ይሄዳል። ትሪያንግል ላይ ደግሞ ወዴት እንደሚሰበር ሳላውቅ ነው የምገባው። የት ልግባ? ስቶፕና ታርጌትስ በምን ልለካ?»

ስቶፕዎን የት እንደሚያስቀምጡ አልጻፉም፤ ነገር ግን ዋጋው ስቶፑን ከበላ በኋላ ባሰቡት አቅጣጫ የሚሄድ ከሆነ፣ ስቶፑ የተቀመጠው ቅርጹ ገና ባልፈረሰበት ቦታ ላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ከመግቢያው ሲጀምር እኔ ከስቶፑ እጀምራለሁ። መጀመሪያ «ዋጋው የት ቢደርስ ይህ ቡል ፍላግ አይደለም እላለሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ያ ቦታ ከታወቀ በኋላ መግቢያውም፣ የምገዛው መጠንም፣ ትሬዱ የሚያዋጣ መሆን አለመሆኑም ከእሱ ተነሥቶ ይሰላል።

እኔም በጀመርኩበት ዓመት የማደርገው እርስዎ እንደገለጹት ነበር። በአራት ሰዓት ቻርት ላይ ካንድሉ ገና ሳይዘጋ፣ ዋጋው መስመሩን በጥቂት ፒፕ እንዳለፈ እገዛና ስቶፔን ከመስመሩ ሥር አስጠግቼ አስቀምጥ ነበር። ከወራት በኋላ የመዘገብኳቸውን ትሬዶች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተመልሼ ስመለከት፣ ከተበሉብኝ ውስጥ አብዛኞቹ ላይ የገባሁበት ካንድል በመጨረሻ የዘጋው መስመሩ ውስጥ ተመልሶ ነበር። እኔ «ተሰበረ» ብዬ የገዛሁት ነገር ካንድሉ ሲዘጋ ረጅም የላይ ጭራ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ካንድል ሳይዘጋ አልገባም።

ቡል ፍላግ ሁለት ክፍል አለው። «ሰንደቅ ዓላማ» ስንል ሰንደቁ እንጨቱ፣ ዓላማው ደግሞ ጨርቁ እንደሆነ ሁሉ፣ እዚህም ሰንደቁ ዋጋው በጥቂት ቀናት ውስጥ በከፍተኛ ቮልዩም ቀጥ ብሎ የወጣበት ጉዞ ነው፤ ጨርቁ ከዚያ በኋላ በሁለት ትይዩ መስመሮች መካከል በዝግታ ወደ ታች የሚያዘነብለው ዕረፍት ነው። በሰንደቁ ላይ ገዢው ቸኩሎ ገዝቷል፤ በዕረፍቱ ወቅት ትርፉን የሚሰበስበው ጥቂቱ ይሸጣል፣ ነገር ግን ብዙ ሻጭ ስለማይመጣ ቮልዩሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ቅርጹን ለይቼ የማውቀው በዚህ ነው። መስመሮቹ የቱንም ያህል ቢያምሩ በሚወርድባቸው ቀናት ቮልዩሙ እየጨመረ ከሆነ፣ የምናየው ዕረፍት ሳይሆን ሰው እየወጣ ነው፤ እተወዋለሁ። ዋጋው የሰንደቁን ከግማሽ በላይ መልሶ ከወረደ፣ ወይም በዕለታዊ ቻርት ላይ ዕረፍቱ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ያኔም ፍላግ ማለቴን አቆማለሁ።

አሁን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ እኔው ያስቀመጥኳቸው ናቸው። አንድ የአሜሪካ አክሲዮን በስድስት ቀን ውስጥ ከ40 ዶላር ወደ 50 ዶላር ወጣ እንበል፤ ሰንደቁ 10 ዶላር ነው። ከዚያ በስምንት ቀን ውስጥ ቀስ እያለ እስከ 47.20 ወረደ። ይህ ከሰንደቁ 28 በመቶ ብቻ ስለሆነ ጤናማ ነው። በዘጠነኛው ቀን የላይኛው መስመር 48.50 ላይ ሲገኝ፣ በፍላጉ ውስጥ የመጨረሻዋ ትንሽ ጫፍ ደግሞ 48.70 ላይ ናት። እኔ የምጠብቀው ካንድሉ ከመስመሩ ብቻ ሳይሆን ከዚያች ጫፍም በላይ እንዲዘጋ ነው፤ ምክንያቱም መስመር በእጅ የሚሰመር ስለሆነ እርስዎና እኔ በተለያየ ቦታ ልናሰምረው እንችላለን፣ ጫፏ ግን ለሁላችንም አንድ ናት።

ካንድሉ ካለፉት ቀናት በግልጽ በሚበልጥ ቮልዩም 48.80 ላይ ዘጋ፤ በማግስቱ በ48.90 ገባን። ስቶፑ ከፍላጉ ዝቅተኛ ነጥብ ከ47.20 ሥር፣ ለዋጋ መንቀጥቀጥ ጥቂት ቦታ ትቶ 46.90 ላይ ይቀመጣል። ዋጋው እዚያ ከደረሰ ዕረፍቱ ፈርሷል፤ በዚያ ስቶፕ መውጣት የሚያስቆጭ አይደለም። እርስዎ ምናልባት ስቶፑን 48.30 አካባቢ ያስቀምጡ ይሆናል፤ ነገር ግን ዋጋው የሰበረውን መስመር ተመልሶ መንካቱ የተለመደ ስለሆነ፣ እዚያ ያለ ስቶፕ የሚበላው ትሬዱ ትክክል በሆነበት ቀን ጭምር ነው።

ከ48.90 እስከ 46.90 ያለው ርቀት 2 ዶላር ነው። «ስቶፑ ሰፋብኝ» የሚል ሰው መልሱን የሚያገኘው ስቶፑን በማጥበብ ሳይሆን መጠኑን በመቀነስ ነው። አካውንቱ 5,000 ዶላር ቢሆንና በአንድ ትሬድ 1 በመቶ ማለትም 50 ዶላር ብቻ ለአደጋ ብናጋልጥ፣ 50 ለ2 ሲካፈል 25 አክሲዮን ይሆናል። ከዚያ በላይ አንገዛም።

ታርጌቱ የሰንደቁ ርዝመት ነው። አብዛኛው ሰው 10 ዶላሩን መስመሩ በተሰበረበት በ48.50 ላይ ደምሮ 58.50 ይላል። እኔ ከፍላጉ ዝቅተኛ ነጥብ እጀምርና 47.20 ሲደመር 10፣ 57.20 እወስዳለሁ፤ ትንሽ ቀርቶብኝ ብወጣ ይሻለኛል። በዚህ ስሌት ሊገኝ የሚችለው 8.30፣ ሊጠፋ የሚችለው 2 ዶላር ነው። ነገር ግን ልኬቱ ዋጋው እዚያ ለመድረሱ ዋስትና አይደለም። በሳምንታዊ ቻርት ላይ ቀድሞ ብዙ ጊዜ የመለሰው ጣሪያ 52 ላይ ካለ፣ እውነተኛው ታርጌት 52 ነው፤ ያኔ ትርፉ 3.10 ብቻ ስለሚሆን ትሬዱ ያዋጣል ወይ ብለን እንደገና እናስላለን። እኔ ከአደጋው አንድ ተኩል እጥፍ በታች የሆነውን አልነካውም፤ ይህኛው በጥቂቱ ያልፋል። ከገባሁ በኋላ ደግሞ ዕለታዊው ካንድል ተመልሶ ከታችኛው መስመር አጠገብ፣ በፍላጉ ውስጥ ጠልቆ ከዘጋ፣ ስቶፑ እስኪነካ ሳልጠብቅ እወጣለሁ።

ሲሜትሪካል ትሪያንግል ከዚህ የሚለየው በራሱ አቅጣጫ የሌለው በመሆኑ ነው። ጫፎቹ እየወረዱ፣ ሥሮቹ እየወጡ ሲጠብ ገዢና ሻጭ እኩል እየተገፋፉ ነው፤ ቅርጹን ብቻ ዐይቶ ወዴት እንደሚሰበር ማወቅ አይቻልም። የቀጣይነት ቅርጽ የምንለው ከእሱ በፊት ግልጽ ጉዞ ሲኖር፣ ብዙ ጊዜ በዚያው አቅጣጫ ስለሚወጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳይሰበር ውስጡ አይግቡ፤ ከበፊቱ ጉዞ በተቃራኒ ከተሰበረም «ሐሰተኛ ይሆናል» ብለው አይከራከሩት። ከበፊቱ ምንም ጉዞ ከሌለ እኔ ቻርቱን እዘጋለሁ።

ለምሳሌ ዩሮ በዶላር በዕለታዊ ቻርት ከ1.0600 ወደ 1.0900 ወጥቶ ትሪያንግል ጀመረ እንበል። የመጀመሪያው ጫፍ 1.0900፣ የመጀመሪያው ሥር 1.0780 ነው፤ ይህ የ120 ፒፕ ከፍታ ታርጌቱን የምንለካበት ነው። ሁለተኛው ጫፍ 1.0870፣ ሁለተኛው ሥር 1.0810 ላይ ሆነ። ቢያንስ እነዚህ አራት ንክኪዎች ሳይሟሉ ትሪያንግል አልልም። መስመሮቹን ወደ ፊት ስንስባቸው ከመጀመሪያው ጫፍ በኋላ በሃያ ሁለተኛው ቀን ገደማ ይገናኛሉ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን የላይኛው መስመር 1.0852 ላይ ሳለ ካንድሉ 1.0864 ላይ ዘጋ፤ በ1.0865 እንገባለን። ስቶፑ ከመጨረሻው ሥር ከ1.0810 በታች፣ ስፕሬዱን ጨምሮ 1.0802 ላይ ይሆናል። ታርጌቱ 1.0852 ሲደመር 120 ፒፕ፣ 1.0972 ነው። አደጋው 63፣ ትርፉ 107 ፒፕ ይሆናል። በዚያው 50 ዶላር 0.07 ሎት ይበቃል፤ 0.08 ቢሆን ኪሳራው በጥቂት ሳንቲም ከወሰኑ ያልፋል።

እዚህ ላይ ሁለት ሰዎች በተለያየ መንገድ ይሳሳታሉ። አንዱ ስቶፑን መስመሮቹ በሚገናኙበት ነጥብ ደረጃ ያስቀምጣል፤ ያ ደረጃ በትሪያንግሉ መሐል ስለሆነ ዋጋው ወዲያና ወዲህ ሲል ሁልጊዜ የሚረግጠው ነው። ሌላው ደግሞ ዋጋው መስመሮቹ ወደሚገናኙበት ነጥብ እስኪጠጋ ይጠብቃል። ጥሩው መሰበር ከርዝመቱ ግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ባለው ውስጥ የሚሆነው ነው፤ በምሳሌያችን ከአሥራ አንደኛው እስከ አሥራ ሰባተኛው ቀን። በሃያኛው ቀን በመስመሮቹ መካከል የሚቀረው 15 ፒፕ ብቻ ስለሆነ፣ ዋጋው ወደ ጎን በመሄድ ብቻ መስመሩን «ሊሰብር» ይችላል፤ ያ መሰበር ምንም አይናገርም።

በፎሬክስ ላይ ስለ ቮልዩም አንድ ነገር ልጨምር። ሜታትሬደር ላይ ከካንድሉ ሥር የሚታየው ዋጋው ስንት ጊዜ እንደተቀየረ የሚቆጥር እንጂ የተገዛና የተሸጠ ገንዘብ አይደለም። እንደ ፍንጭ እጠቀምበታለሁ፤ በአክሲዮን ላይ እንደምተማመንበት ግን አልተማመንበትም። ስለዚህ በዩሮም ሆነ በወርቅ ላይ የካንድሉ መዝጊያ የበለጠ ክብደት አለው። የዕለታዊው ካንድል በተለምዶ የሚዘጋው በኒው ዮርክ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ በእነሱ አቆጣጠር 5 ሰዓት ሲሆን ነው፤ ይህ በአዲስ አበባ በበጋቸው ወራት ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ በክረምታቸው 7 ሰዓት ይሆናል። ነቅተው መጠበቅ ካልቻሉ ጠዋት ተነሥተው የተዘጋውን ካንድል ይዩ፤ ዋጋው ገና ከመግቢያው ብዙ ካልራቀ ይግቡ፣ ርቆ ትርፉ ከአደጋው አንድ ተኩል እጥፍ በታች ከወረደ ይለፉት።

ስቶፕም ሁልጊዜ ባስቀመጡት ዋጋ አይሞላም። ኩባንያው የገቢ ሪፖርቱን ገበያው ከተዘጋ በኋላ ካወጣ፣ አክሲዮኑ በማግስቱ ከ48 ዘሎ በ44 ሊከፈት ይችላል፤ ስቶፕዎ 46.90 ቢሆንም የሚሸጥልዎ በ44 አካባቢ ነው። ስለዚህ የሪፖርቱ ቀን በፍላጉ መሐል ወይም በቅርብ ከሆነ አልገባም። በፎሬክስ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ያለው ክፍተትና የአሜሪካ የሥራ ቅጥር መረጃ የሚወጣበት ሰዓት ተመሳሳይ አደጋ አላቸው።

ከተበሉብዎት ውስጥ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወይም አራት ቻርቶች ይለጥፉልን፤ የገቡበት ካንድል የት እንደዘጋና ስቶፑ ከፍላጉ ዝቅተኛ ነጥብ በላይ ወይስ በታች እንደነበረ ምልክት አድርጉበት። ከእነዚያ ሁለት ምልክቶች ችግሩ መግቢያው ላይ ይሁን ስቶፑ ላይ አብረን ለይተን እናየዋለን።