መጻሕፍትን እንደ አንዲት ሴት ቁጠሯቸው

ደሴና አካባቢዋ ዐረብኛ ለምትማሩ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት የተማሪ ደብተር በማረም ነው። ሰሞኑን አንዲት ተማሪ «እነዚህ አዳዲሶቹ መጻሕፍት ጠቃሚ ናቸው» ልትል ፈልጋ «ሃኡላኢ ኩቱብ አል-ጁዱድ ሙፊዱን» ብላ ጻፈች። ቃላቱን አሳምራ ታውቃቸዋለች፤ የማይስማሙት እርስ በርሳቸው ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ስታርሙ መጀመሪያ ስሙን ፈልጉ፤ ጠቋሚውንም ቅጽሉንም የሚያዘው እሱ ነው። እዚህ ስሙ ኩቱብ ነው፣ የኪታብ ብዙ ቁጥር። ቀጥሎ ሰው ነው ወይስ አይደለም ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ያልሆነ ነገር ሲበዛ ዐረብኛ እንደ አንዲት ሴት ይቆጥረዋል፤ ኪታብ ለብቻው ወንዴ መሆኑ አያድነውም። ስለዚህ ሃኡላኢ ወጥቶ ሃዚሂ ይገባል፣ ሙፊዱን ሙፊዳ ይሆናል፣ ጁዱድም ጀዲዳ ቢባል ይሻላል።

«አል» ላይ ያሳሳታት አማርኛችን ነው። «አዳዲሶቹ መጻሕፍት» ስንል ምልክቷን ቅጽሉ ላይ አንዴ አድርገን እናልፋለን። ዐረብኛ ግን ስሙም ቅጽሉም ላይ ይፈልጋታል። «ኩቱብ አል-ጁዱድ» ያለውን ያነበበ ሰው «የአዲሶቹ ሰዎች መጻሕፍት» ብሎ ሊረዳው ይችላል። ስሙ ላይ ብቻ አድርጋችሁ «ሃዚሂ አል-ኩቱብ ጀዲዳ» ብትሉ ደግሞ ሐሳቡ እዚያው ይዘጋል፤ «እነዚህ መጻሕፍት አዲስ ናቸው» ብላችኋል። የታረመው «ሃዚሂ አል-ኩቱብ አል-ጀዲዳ ሙፊዳ» ነው።

ተማሪዋ የያዘችው የሰዎችን ሕግ ነበር። በመጻሕፍቱ ቦታ ተማሪዎችን አስገቡና እዩት፦ «ሃኡላኢ አጥ-ጡላብ አል-ጁዱድ ሙጅተሂዱን»፣ እነዚህ አዳዲስ ተማሪዎች ትጉ ናቸው። ምንም የሚነቀፍ የለውም።

እዚህ ላይ ቁርኣን የቀራ ደረሳ ይሞግተኛል፣ ሙግቱንም እወድለታለሁ። በሱረቱል በቀራ 80ኛው አንቀጽ «አያመን መዕዱዳ»፣ 184ኛው ላይ «አያመን መዕዱዳት» ተብሏል። ቀናትም ሰው አይደሉም፤ ታዲያ ሁለተኛው ለምን የሴቴ ብዙ ቁጥር ሆነ? ሁለቱም የዐረብኛ መንገድ ነው። ለዕለት ጽሑፍ ግን የመጀመሪያውን ያዙ። የወንዶቹ «ኡን» ከሁለቱም ውስጥ እንደሌለ ልብ በሉ።

ጾታንም ከአማርኛ አትዋሱ። «ፀሐይ ወጣች» እንደምንለው «ጠለዐት አሽ-ሸምስ» ይባላልና ተማሪ ይተማመናል። «ጨረቃ ወጣች» ሲደርስ በዚያው ሄዶ «ጠለዐት አል-ቀመር» ይላል፤ ቀመር ግን ወንዴ ስለሆነ «ጠለዐ አል-ቀመር» ነው የሚባለው። አዲስ ስም ስትመዘግቡ ብቻውን አትጻፉት፤ ሃዛ ቀመር፣ ሃዚሂ ሸምስ እያላችሁ ከነጠቋሚው ያዙት።