የተጣመመ የጃንጥላ ሽቦ፦ የቱ ይቃናል፣ የቱ ይቀየራል?

«ሰላም የግሩፑ አባላት። ሦስት ቦታ የሚታጠፈውን ጃንጥላዬን ትናንት ንፋስ ገለበጠብኝ። አንዱ ሽቦ ተጣሟል፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ መጋጠሚያው ላይ ተላቆ ተንጠልጥሏል። ጨርቁ ምንም አልሆነም። በፒንሳ ባቀናው ይይዛል ወይስ ሽቦ ማስቀየር አለብኝ?»

ሰላም እህቴ። ክረምት በገባ ቁጥር የቤታችንም የጎረቤቶቻችንም ጃንጥላ እኔ ጋ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ይሄ የአንቺ ችግር በደንብ የማውቀው ነው። የተጣመመው ሽቦ የመዳን እድሉ ሰፊ ነው። የተላቀቀው መጋጠሚያ ግን ቀዳዳው እንዴት እንደሆነ ሳይታይ ምንም ማለት አይቻልም። ለየብቻ እንያቸው።

ፒንሳ ከማንሳትሽ በፊት ሽቦው ከምን እንደተሠራ እወቂ። ማግኔት አስጠጊበት፤ ከፍሪጅ በር ላይ ያለው ጌጥም ይበቃል። ከያዘው ብረት ነው፣ ብረት ደግሞ ይቃናል። ካልያዘውና ነጣ ብሎ ቀለል የሚል ከሆነ አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም አንድ ጊዜ ሲቃና እሺ ይላል፣ ግን ያ ቦታ ደክሟል። በሚቀጥለው ንፋስ እዚያው ላይ ይቆረጣል። ሦስተኛው ዓይነት ፋይበርግላስ ነው፤ ጥቁር ወይም ነጭ ድፍን ዘንግ ሆኖ ታገኚዋለሽ። እሱ ጨርሶ አይጣመምም። ወይ ወደ ቦታው ይመለሳል ወይ ይሰነጠቃል። ተጣሞ ከቀረ ውስጡ ተሰብሯል ማለት ስለሆነ ለማቃናት አትሞክሪ። በባዶ እጅም አትዳብሺው፤ ስንጣሪው በጣም ቀጭን ስለሆነ ቆዳ ውስጥ ከገባ ለማውጣት መከራ ነው።

ባለ ሦስት እጥፍ ጃንጥላ ላይ አንዱ ክንድ፣ ማለትም ከአናቱ እስከ ጨርቁ ጫፍ ተያይዘው የሚሄዱት ሽቦዎች፣ ከተለያየ ነገር ሊሠራ ይችላል። ወደ መሀለኛው ዘንግ ያለው ክፍል ብረት፣ የመጨረሻው ጫፍ ፋይበርግላስ የሆነ ብዙ አይቻለሁ። ስለዚህ ማግኔቱን የተጣመመው ክፍል ላይ ራሱ አስጠጊ።

ብረት ነው እንበል። አሁን የተጣመመበትን ቦታ እዪ። ጃንጥላ ሲገለበጥ ሽቦው እንዳጋጣሚ የትም አይታጠፍም። ከታች የሚደግፈው ሽቦ የተያያዘበት ቦታ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ክፍል ደጋፊ የለውም። ንፋሱ ጨርቁን ሲገፋ ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ መገናኛ ላይ ነው። ስለዚህ ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ የሚታጠፈው ከመገናኛው ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። እዚህ ላይ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው፦ በጥምመቱና በቅርቡ ባለው የሪቬት፣ ማለትም ሁለቱን ሽቦዎች የሚያጋጥመው አጭር ካስማ፣ ቀዳዳ መሀል ጣትሽን አስቀምጪ። የአንድ ጣት ስፋት ካለ አቅኚው። ጥምመቱ ቀዳዳው ላይ ወይም ከቀዳዳው ጥግ ከጀመረ ግን ተይው። ቀዳዳው ራሱ ብረቱን አሳስቶታል፣ አንዴ ከታጠፈና ከተመለሰ በኋላ ጭነት አይችልም። እሱ ክፍል ይቀየራል።

ወደ ማቃናቱ እንምጣ። ሽቦውን አዙረሽ ከታች በኩል ብታዪው ድፍን አይደለም፣ እንደ አሸንዳ ወለልና ሁለት ግድግዳ አለው። ይህን ቅርጽ ሳሙኤል ፎክስ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1852 ነው ለጃንጥላ ያዋለው፣ እስከ ዛሬም አልተቀየረም። ጥንካሬው ያለው በሁለቱ ግድግዳዎች ነው። ሽቦው ሲታጠፍ ግድግዳዎቹ ወይ ወደ ውጭ ይከፈታሉ ወይ ወደ ውስጥ ይተኛሉ። ብዙ ሰው ሽቦውን ብቻ ቀጥ አድርጎ ግድግዳዎቹን እንደተከፈቱ ይተዋቸዋል። ከላይ ሲያዩት የዳነ ይመስላል፣ ግን በመጀመሪያው ንፋስ እዚያው ይታጠፋል።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ጨርቁ ሽቦው ላይ በክር የታሰረባቸው ቦታዎች አሉ። ለጥምመቱ ቅርብ የሆነውን ክር ቁረጪና ጨርቁን ገለል አድርጊ፣ አለበለዚያ ፒንሳው ይበሳዋል። ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ከተኙ በቀጭን ጠፍጣፋ ብሎን መፍቻ ቀስ ብለሽ አንሺያቸው። ከዚያ ቦዩ ውስጥ ልክ የሚገባ ቀጭን ሚስማር አስተኚ። ሚስማሩ ውስጥ እያለ በአፈ ጠፍጣፋ ፒንሳ ሁለቱን ግድግዳዎች ከግራና ከቀኝ ጨመቅ፣ ጨመቅ እያደረግሽ ወደ ሚስማሩ አምጪያቸው። የፒንሳው ጥርስ ቀለሙን እንዳይልጠው ጨርቅ ጠቅልይበት፤ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ክረምት ሳያልፍ ይዝጋል። ግድግዳው ከተስተካከለ በኋላ ሚስማሩን አውጪና ሽቦውን በሁለት አውራ ጣት ቀስ በቀስ ግፊ። ብረቱ ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ከልኩ ጥቂት አሳልፊው። መዶሻ አትጠቀሚ። መዶሻ ግድግዳዎቹን ጭፍልቅ ያደርጋቸዋል።

ቀጥ ማለቱን በማስመሪያ አትለኪው። አንዳንዱ ሽቦ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ለስለስ ያለ ጉብጠት አለው። መለኪያሽ ያልተነካው የጎረቤት ሽቦ ይሁን። ሁለቱን አጠጋግተሽ እዪ።

እያቃናሽ ሳለ የስልክሽን መብራት አብርተሽ የግድግዳውን ጠርዝ አዘውትረሽ ተመልከቺ። ቀለሙ ተፈርፍሮ በመሀሉ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ከታየሽ ተሰንጥቋልና አቁሚ። ባለ ረጅም ዘንግ፣ የማይታጠፍ ጃንጥላ ቢሆን ከአሮጌ ጃንጥላ 5 ሴንቲሜትር ያህል ሽቦ ቆርጠሽ ደርበሽ በቀጭን ሽቦ አጥብቀሽ እሰሪው እል ነበር፤ እሱ ዓመታት ይቆያል። ያንቺ ግን ታጣፊ ነው። ሲዘጋ አንዱ ክፍል ሌላው ላይ ይተኛል፣ ስለዚህ ድርቡ መተኛውን ይይዝበታል። በግድ ስትዘጊው ደግሞ ደህናውን ሪቬት ይነቅላል። ለታጣፊ የተሰነጠቀ ሽቦ መፍትሔው መቀየር ነው።

አሁን ወደ ተላቀቀው መጋጠሚያ። ሁለቱን የተለያዩ ጫፎች ወደ ብርሃን አንሺና ቀዳዳዎቹን እዪ። ቀዳዳዎቹ ክብ ሆነው ከቆዩ እድለኛ ነሽ፣ የወደቀው ሪቬቱ ብቻ ነው። ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ ወይም እስከ ጠርዙ ተቀዶ ከተከፈተ ግን ያ ክፍል አብቅቶለታል። ሱፐር ግሉ እንዳትሞክሪ አደራ። መጋጠሚያው መሽከርከር አለበት። ማጣበቂያው ወይ ያቆልፈዋል፣ ወይ በመጀመሪያው መክፈት ይለቃል፣ ፈስሶ ከገባ ደግሞ ደህናውንም ያበላሻል።

ሪቬት ብቻ ከሆነ የጎደለው፣ ለቤት መብራት የሚዘረጋ 1.5 የሚባለው ባለ አንድ ዘንግ የኤሌክትሪክ ገመድ ፈልጊ። ልብሱን ስትገፊው ውስጡ ያለው መዳብ 1.4 ሚሊሜትር ገደማ ይወፍራል፣ ለብዙዎቹ የጃንጥላ ቀዳዳዎች ይሆናል። የሚላወስብሽ ከሆነ 2.5 የሚባለውን ሞክሪ። መዳቡን በሁለቱ ቀዳዳዎች አሳልፊ፣ በየጎኑ 1 ሚሊሜትር ያህል ትርፍ ተይለትና ቁረጪ። ከዚያ በፊት ግን በሁለቱ ሽቦዎች መሀል ከሶፍት ካርቶን የተቀደደ ቁራጭ አስገቢ። ከታች ጠንካራ ብረት አድርገሽ ጫፉን በትንሽ መዶሻ ቶክ ቶክ እያደረግሽ ጠፍጣፋ ራስ እስኪያወጣ ምቺው። ገልብጠሽ ሌላውንም እንዲሁ። ካርቶኑን ሳቢና አውጪው። እሱ የተወው ክፍተት ነው መጋጠሚያው እንደልቡ እንዲዞር የሚያደርገው። ያለ ካርቶን ከመታሽው ይጠብቅና ጃንጥላው ሲከፈት ሽቦውን መልሶ ያጣምመዋል። መዳብ ለስላሳ ስለሆነ ከብረት ሪቬት ቀድሞ ይበላል፤ ሲላላ መልሰሽ መቀየር ነው።

ቀዳዳው የተቀደደ ከሆነ አሮጌ ጃንጥላ ያስፈልግሻል። ክረምት ላይ መንገድ ዳር ጫማና ጃንጥላ የሚያድሱ ልጆች ጋር የተሰበሩ አይጠፉም። ስትመርጪ የሽቦውን ጠቅላላ ርዝመት አትለኪ፤ ከአንዱ ቀዳዳ መሀል እስከ ሌላው ቀዳዳ መሀል ያለውን ለኪ። በባለ ሦስት እጥፍ ላይ ከጎን የሚሄድ ቀጭን ሽቦ አለ፣ ሥራው የመጨረሻውን ክፍል ስቦ መዘርጋት ነው። የቀዳዳዎቹ ርቀት 3 ሚሊሜትር እንኳ ቢዛነፍ ያ ቀጭን ሽቦ ወይ አይደርስም ወይ ይወጠራል፣ ጨርቁም በዚያ በኩል ይረግባል። ቀዳዳ አጠገብ ሌላ ቀዳዳ መብሳት የማይሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እኔ አንዱን ቁራጭ ከመቀየር ሙሉውን ክንድ መቀየር እመርጣለሁ፣ ሪቬት መምታት አይኖርበትም። ክንዱ የሚያዘው ሁለት ቦታ ነው፦ ከላይ አናቱ ላይ፣ ከታች ደግሞ እየገፋሽ የምትከፍቺበት ተንሸራታች ላይ። በሁለቱም ቦታ የሁሉም ክንዶች ጫፍ በአንድ ቀጭን ሽቦ ተሰክቶ ዙሪያውን ታስሯል። መጀመሪያ ፎቶ አንሺ። የጨርቁን ክሮች ቁረጪ፣ ጫፉ ላይ የተሰፋውን ቆብ ከሽቦው ሳቢና አውልቂ። የማሰሪያ ሽቦዎቹን ጠምዛዛ ፍቺ፣ ክንዱን ለውጪ፣ በአዲስ ቀጭን ሽቦ መልሰሽ እሰሪ። ጠምዛዛውን አጥብቀሽ ጫፉን ወደ ውስጥ እጠፊው፣ ካልሆነ ጨርቁን ይበሳል። የተንሸራታቹ የፕላስቲክ ጥርስ ራሱ ተሰብሮ ካገኘሽው ግን አትድከሚ፤ ያ ጃንጥላ ለሌላ መለዋወጫ ይሁን።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቁልፍ ሲጫን ብቻውን የሚከፈት ከሆነ ዘንጉ ውስጥ ጠንካራ ሞላ አለ። ዘንጉን አትፍቺ። አናቱን ወይም ተንሸራታቹን ስትነኪ ጃንጥላው ተከፍቶ ይሁን፣ ፊትሽንም ከዘንጉ አቅጣጫ አርቂ።

ስትጨርሺ ጨርቁን ሳታስሪ ሁለት ሦስት ጊዜ በዝግታ ክፈቺና ዝጊው። የሚይዝበት ቦታ ካለ አሁን ነው የሚታየው። ከተስማማ ክሮቹን ወደ ቦታቸው መልሺ፣ ክፈቺና ጨርቁን በጣትሽ ጫን ጫን እያደረግሽ ዙሪያውን ፈትሺ፤ ውጥረቱ በሁሉም በኩል እኩል መሆን አለበት። እስኪጠገን ድረስ ደግሞ በአንድ የተላቀቀ ክንድ ዝናብ አትውጪበት፣ ሸክሙ በግራና በቀኝ ወዳሉት ሁለቱ ያልፍና እነሱንም ያጣምማቸዋል።

የተላቀቀውን ቀዳዳ ቀረብ አድርገሽ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ ሪቬት ይበቃው ወይም ክንድ መቀየር ይኑርብሽ አይቼ እነግርሻለሁ።