ሲሞላ እጥፍ አድርገው

«ጋሼ፣ በሲ በጻፍኩት ፕሮግራም የቆጣሪ ንባቦችን ከፋይል እያነበብኩ አሬይ ውስጥ አስገባለሁ። ሲሞላ 100 ቦታ የሚበልጥ አዲስ አሬይ እይዝና የድሮውን እገለብጥበታለሁ። 10 ሺህ ንባብ ሲሆን ወዲያው ያልቃል፤ ሚሊዮን ሲሆን ግን ይንፏቀቃል። ጭማሪውን 1000 ባደርገው ይበቃኛል?»

አይበቃህም። ግልበጣው በ10 እጅ ይቀንስልሃል፤ ነገር ግን ንባቡ ከሦስት እጥፍ ትንሽ ሲያልፍ ያተረፍከው ሁሉ ተበልቶ ያልቃል።

ቁጠረው። መጀመሪያ 100 ትገለብጣለህ፣ ቀጥሎ 200፣ ከዚያ 300፣ እንዲህ እያለ እስከ 999,900። ድምሩ 4,999,500,000 ነው። ለአንድ ሚሊዮን ንባብ አምስት ቢሊዮን ገደማ ግልበጣ ማለት ነው።

አሁን ከ8 ተነስተህ በሞላ ቁጥር እጥፍ አድርገው። 8፣ 16፣ 32 እያልክ ስትገለብጥ የመጨረሻው 524,288 ይሆናል፤ አቅሙም 1,048,576 ይደርሳል። የግልበጣው ድምር 1,048,568 ብቻ ነው፤ ለአንድ ንባብ አንድ ግልበጣ ገደማ ማለት ነው።

ይህ የቁጥር አጋጣሚ አይደለም። እያንዳንዱ ንባብ ሲገባ ሦስት ብር ይክፈል እንበል፤ አንዱ ለራሱ መቀመጫ ይውላል፣ ሁለቱ ይቀመጣሉ። አቅሙ ከ8 ወደ 16 ካደገ በኋላ 8 አዲስ ንባቦች ገብተው ሲሞላ 16 ብር ተጠራቅሟል። የሚገለበጡትም 16 ናቸው፤ ሂሳቡ ልክ ይዘጋል። አሞርታይዝድ ወጪ የምንለው ይህንን ነው፦ አንዳንዱ ማስገባት ውድ ቢሆንም ለሁሉም ሲካፈል ለአንዱ ከሦስት ብር አይበልጥም። በ100 ስትጨምር ግን በሁለት ግልበጣ መካከል የሚከፍሉት ሁሌ መቶ ናቸው፣ የሚገለበጠው ደግሞ ያለማቋረጥ ያድጋል።

`a`ን በ`NULL`፣ `n`ን እና `cap`ን በ0 ጀምረህ እንዲህ ጻፈው፦

```c
if (n == cap) {
    size_t k = cap ? cap * 2 : 8;
    double *t = realloc(a, k * sizeof *a);
    if (!t) return -1;
    a = t;
    cap = k;
}
a[n++] = x;
```

`t`ን እንዳትዘላት። `realloc` ቦታ ሲያጣ `NULL` ይመልሳል፤ ውጤቱን በቀጥታ `a` ላይ ካስቀመጥክ እስካሁን ያነበብከውን ሁሉ የምታገኝበት አድራሻ ይጠፋብሃል።

ዋጋም አለው። አሬዩ ባደገ ማግስት ግማሽ ያህሉ ባዶ ነው፤ ሜሞሪ ለጠበበው መሣሪያ ይህ ይከብዳል። አንዷ ማስገባትም ግማሽ ሚሊዮን ግልበጣ ሊወድቅባት ይችላል። ፋይል ለሚያነብ ፕሮግራም ምንም አይደለም፤ በየሚሊሰከንዱ መልስ መስጠት ላለበት ግን እጥፍ ማድረግ ብቻውን አይሆንም፣ ቦታውን አስቀድመህ ያዝለት።

ሌላው፣ `&a[5]`ን የመሰለ ፖይንተር የሆነ ቦታ አስቀምጠህ እንደሆነ ፈትሽ። አሬዩ ሲያድግ ወደ ሌላ ቦታ ሊዛወር ስለሚችል ያ አድራሻ ከዚያ በኋላ አይታመንም። በትንሽ ፋይል ስትሞክረው ሳይታይ አልፎ በትልቁ ላይ የተበላሸ ቁጥር ያወጣብሃል። አድራሻውን ትተህ ተራ ቁጥሩን፣ 5ን፣ ያዝ።