ጀሪካኑ ስንት ደቂቃ ይፈሳል?

«በኬሚስትሪ ከተመረቅኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ጅማ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የላብራቶሪ ረዳት ነኝ። አዲስ ተማሪዎች በሚቀጥለው ሳምንት ይገባሉ። ስለ ጠንካራ አሲድ፣ ስለ ሶልቨንትና ትንሽ ነገር ሲፈስ ስለሚደረገው ማሳሰቢያ ጻፊ ተብያለሁ። ከኢንተርኔት አራት ገጽ እንግሊዝኛ አውርጃለሁ፤ አምና የተለጠፈውም እንደዚያው ነበር፣ ማንም አላነበበውም። አጋሮ ያለው አባቴ ደግሞ ቡና ነጋዴ ነው። ‹ዕቃ ለማጠብ ነው ያስተማርኩሽ? ነይና መጋዘኑን ያዢ› ይለኛል። ደሞዜ ከቤት ኪራይ ብዙም አይተርፍም። ማስተርስም እያሰብኩ ነው። ይህ ወረቀት ለሥራ ሕይወቴ ይረባኛል? ምን ብዬስ ልጻፈው?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም ሥራ የጀመርኩት ጋውን ለብሼ ቢከር እያጠብኩ ነው። ስለዚህ ከወረቀቱ ልጀምር፤ ሌላው ይደርሳል።

አራቱን ገጽ ተይው። «ላብራቶሪ ውስጥ አትብሉ፣ አትሩጡ» የሚለውን ተማሪው ያውቀዋል። የማያውቀው አሲዱ ሱሪው ላይ ከፈሰሰ በኋላ ያለችውን አንድ ደቂቃ ነው። አንድ ገጽሽን ለዚያች ደቂቃ ስጫት።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ተማሪ ሰልፈሪክ አሲድ የያዘ መለኪያ ሲሊንደር በክርኑ መታና ጭኑ ላይ ደፋው። ቧንቧውን ስንከፍት ሽው ብሎ አየር ብቻ ወጣ። ውኃ ሄዷል። ግቢ ውስጥ ካለው በርሜል በባልዲ ለመቅዳት ሮጥን። ልጁን ሱሪህን አውልቅ አላልኩትም። ክፍሉ ውስጥ ሴቶች ነበሩ፣ አፈርኩ። እሱም አፍሮ ጨርቁን በሁለት ጣቱ ከቆዳው አላቆ ይዞ ቆሟል። ሁለት ደቂቃ ያህል እንዲሁ ሄደ። ጨርቁ አሲዱን እንደ ስፖንጅ ይዞ ቆዳው ላይ አቆየው። ጠባሳው መዳፍ ያክል ነበር።

ስለዚህ የወረቀትሽ የመጀመሪያ መስመር ይሄ ይሁን፦ «አሲድ ልብሳችሁ ላይ ከፈሰሰ ውኃ ሥር ግቡ፣ ልብሱን እዚያው አውልቁ። ሌሎቻችሁ ፊታችሁን አዙሩ።» ይህን የሚለው ወረቀቱ ሲሆን ማንም አያፍርም። መጻፍ ብቻ ግን አይበቃም። በሩ ኋላ ሁለት ንጹሕ ጋውንና አንድ ጋቢ ስቀይ። ጋቢውን ሁለት ሴት ልጆች ይዘው እንደ መጋረጃ ይቆማሉ። የጅማን ክፍል ታውቂዋለሽ፣ ሂጃብ የምታደርግ ተማሪ ብዙ ናት። አሲድ የነካው ሻርፕ አንገት ላይ መቆየት የለበትም። ትርፍ ሻርፕ እዚያው መንጠልጠያ ላይ ይኑር፤ አንቺም ቀድመሽ ንገሪያቸው። ሴት መሆንሽ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም ነው።

ቀጥሎ ውኃው። እዚህ ላይ ወረቀት ከመጻፍሽ በፊት ስሌት መሥራት አለብሽ። የአሜሪካ የዓይን ማጠቢያ መስፈርት ቢያንስ በደቂቃ 1.5 ሊትር፣ ለ15 ደቂቃ ሳይቋረጥ ይላል። ሲባዛ 22.5 ሊትር ነው። ያ ሁላችንም ቤት ያለው ቢጫ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። አንድ ጀሪካን አስቀምጠሽ «ውኃ ቢሄድም ተዘጋጅተናል» ካልሽ ዓይኑ ታጥቦ ሳያልቅ ውኃው ያልቃል። ሁለት ያስፈልጋል። ከታች ቧንቧ የተገጠመላቸው፣ ከጠረጴዛ ከፍ ብለው የተቀመጡ፣ ውኃቸው በየሳምንቱ የሚቀየር። ለጭንና ለክንድ ደግሞ ከዚህ በጣም የሚበልጥ ውኃ ስለሚፈልግ አንድ ሙሉ በርሜልና ጆግ አዘጋጂ።

ዓይን ሲታጠብ ሰው በራሱ ገርበብ አድርጎ ይዘጋዋል። ጓደኛው የዓይኑን ቆብ በጣቱ ከፍቶ መያዝ አለበት፣ ሌላው ሰዓት ይይዛል። 15 ደቂቃ በጣም ረጅም ነው፤ ሰዓት ካልተያዘ ሁሉም ሰው በሦስተኛው ደቂቃ ያቆማል። ከዚያ ሐኪም ቤት። እና በደማቁ ጻፊው፦ ቆዳና ዓይን ላይ ከውኃ በቀር ምንም አይደረግም። ቤኪንግ ሶዳም፣ ወተትም፣ የጥርስ ሳሙናም። የጥርስ ሳሙና የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ቤት ውስጥ ሲቃጠሉ የሚቀቡት እሱን ስለሆነ እጃቸው መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

አሁን ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰው። አንድ ጉዳይ እንውሰድ። 20 ሚሊ ሊትር ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ሰው አልነካም። ተማሪው የሚያደርገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ጮክ ብሎ «አሲድ ፈሰሰ!» ይላል፣ ይርቃል። የምታጸጂው አንቺ ነሽ፤ መነጽርና ወፍራም ጓንት አድርገሽ።

ውኃ አታፍስሺበት። ሰው ላይ ሲሆን የሚያድነው ብዙና የሚፈስ ውኃ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የተኛ አሲድ ላይ ጠብ የምትል ውኃ ግን ሌላ ነገር ናት። አሲዱ ከውኃ ሁለት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ክብደት አለው። ውኃው ላዩ ላይ ይንሳፈፍና መገናኛቸው ላይ ይፈላል፣ አሲዱን ፊትሽ ላይ ይረጨዋል። ጨርቅና ሰጋቱራም አይሆንም፤ ሰልፈሪክ አሲድ ያከስላቸዋል፣ ናይትሪክ አሲድ ቢሆን ደግሞ እሳት ሊያስነሳባቸው ይችላል።

የሚያስፈልግሽ ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው። ስንት? ለ10 ሚሊ ሊትር ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ 31 ግራም ያህል፣ ለኛ 20 ሚሊ ሊትር 62 ግራም። ይህ በትክክል የሚጣጣመው መጠን ስለሆነ ከዚያ በላይ አዘጋጂ። ላብራቶሪ ያለውን ሲኒ በሚዛን ለክተሽ ስንት ግራም እንደሚይዝ ዕቃው ላይ ጻፊ፤ በጭንቅ ሰዓት ማንም ሚዛን አያወጣም። ከሱቅ የምትገዢ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቂ። ለዳቦ የሚሸጠው ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነው። ስታርችና አሲድነት ያለው ጨው ስላለበት ከግማሹ በላይ ለዚህ ሥራ አይረባም።

ዱቄቱን ከዳር ወደ መሐል በትኚ። መሐሉ ላይ ከጣልሽው ይገነፍልና ይረጫል። ወደ 20 ሊትር የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ መስኮት ይከፈት። ከዚያ የሚያሳስተው ነገር ይመጣል። መፍላቱ ያቆማል፣ «አለቀ» ትያለሽ። ብዙ ጊዜ አላለቀም። ያልተበረዘ አሲድ ላይ ዱቄቱ እንደ ቅርፊት ይጋገርና አሲዱን ከሥሩ ይደብቀዋል። ቅርፊቱን በፕላስቲክ መጥረጊያ ገልብጪው፣ ዱቄት ጨምሪ። አሁን ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጊበት። እንደገና ከፈላ ገና ነው። ዝም ካለ በፒኤች ወረቀት ንኪው፤ ከ6 እስከ 8 ካሳየ ጥረጊው፣ ሊጡን በብዙ ውኃ አስወግጂው።

«ትንሽ መፍሰስ» ማለት ስንት እንደሆነም ወረቀቱ ይናገር። እኔ ለአሲድ 50 ሚሊ ሊትር ላይ እቆርጠዋለሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ቡናማ ጭስ ከተነሣ ክፍሉ ይለቀቅ፣ በሩ ይዘጋ። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ መደርደሪያ ላይ ካገኘሽ ለአዲስ ተማሪ እንዳይደርስ ቆልፊበት። የሱ አደጋ በዚህ ወረቀት አይያዝም።

ስለ ሶልቨንት አጭር ይበቃል። የአሴቶን ተን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢም እሳት ይይዛል፤ የኢታኖል ደግሞ ከጅማ የቀን ሙቀት በታች። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ጠረጴዛውን ይዞ ወደ እሳቱ ይሄዳል። ስለዚህ ሶልቨንት ሲፈስ ከመጥረጊያው በፊት እሳት ይጠፋል፣ መስኮት ይከፈታል። ሶኬት አይነቀልም፤ የእሱ ብልጭታም ይበቃዋል። ከቡና ካፌይን የሚያወጡበት ሙከራ ካላችሁ ዳይክሎሮሜቴን ሰማያዊውን ጓንት በደቂቃዎች ውስጥ ያልፈዋል፤ ጠብ ካለበት ወዲያው ይወለቅ። ምንም ዓይነት ሶልቨንት በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀመጥ። ውኃ ይመስላል፣ ይጠጣል።

ወረቀቱን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጻፊው፤ የኬሚካሉን ስም ብቻ ጠርሙሱ ላይ እንዳለው ተይው። አፋን ኦሮሞውን የሚያነብልሽ ተማሪ ፈልጊና ጮክ ብሎ ያንብበው። የተደናቀፈበትን ቃል ቀይሪ።

አሁን ስለ አባትሽ። ተሳስተዋል። ይህን የምለው ከነአክብሮታቸው ነው። ዕቃ ማጠብ ያሉት ሥራ የልጅ ዓይን የሚያተርፍ ሥራ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ መጋዘኑን ስትይዢ ወርኃዊ ደሞዝሽ ስንት ነው? «ሁሉም ያንቺው ነው» ካሉሽ ደሞዝ የለውም ማለት ነው። ቁጥር ከጠሩ ከአሁኑ ደሞዝሽ ጋር አወዳድሪው፤ ያኔ ብቻ ነው ምርጫ የሚሆነው። በቡና ለቀማ ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ አጋሮ ሄደሽ ብታግዢያቸው ግን እኔም እደግፋለሁ።

ደሞዙ ትንሽ ነው፣ አልክድም። ከሁለት ዓመት በላይ በዚሁ ደሞዝ አትቆዪ። እኔ ከኮሌጁ ወደ አንድ ፋብሪካ የጥራት ክፍል ስገባ ኃላፊው ስለ ውጤቴ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። «አሲድ ቢፈስ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ነው ያለኝ። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሌሎቹ ተፈታኞች መልሱን ከመጽሐፍ ፈለጉ። እኔ የዚያን ልጅ ሱሪ ነገርኩት። ስለዚህ ሲቪሽ ላይ «የደኅንነት ግንዛቤ» ብለሽ አትጻፊ። በሁለት ቋንቋ አንድ ገጽ ማሳሰቢያ እንዳዘጋጀሽ፣ የውኃ መጠባበቂያውን አስልተሽ እንዳቋቋምሽ፣ በየሳምንቱ እየፈረምሽ እንደምትቆጣጠሪ ጻፊ። ፊርማውንም ከዚህ ሳምንት ጀምሪው።

ማስተርሱ አንድ ዓመት ይጠብቅ።

ተማሪዎቹ ሳይገቡ አንዱን ጀሪካን ሙዪ፣ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ክፈቺ፣ ሰዓት ያዢ። በስንት ደቂቃ እንዳለቀ ጻፊልኝ።