ቪዲዮዬን ሰርቆ በስሜ ቀብድ ይሰበስባል

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ በቲክቶክ ስለ ጓሮ ዶሮ እርባታ ቪዲዮ እሠራለሁ፤ የሚቀርጸኝ የወንድሜ ልጅ ነው። ባለፈው ወር አንድ አካውንት ስሜንና ፎቶዬን አድርጎ 31 ቪዲዮዬን እንዳለ ጭኖ አገኘሁት። የቴሌግራም ቻናል ከፍቶ «የ45 ቀን ጫጩት አደርሳለሁ» እያለ ቀብድ ይሰበስባል። ቅዳሜ ዕለት አንድ ሰውዬ ከሰበታ ድረስ ባዶ ካርቶን ይዞ መጥቶ «ጫጩቴን» አለኝ። ለቲክቶክ ሪፖርት አደረግሁ፤ «ጥሰት አላገኘንም» አሉኝ። የድሮ ስልኬ ስለተበላሸ የአብዛኛው ቪዲዮ ኦሪጅናል የለኝም። የኔ መሆኑን በምን ላስረዳ?

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬ ሌላ ሪፖርት አያድርጉ። አካውንቱ ነገ ቢዘጋ ደስ ይልዎታል፤ ግን የቴሌግራሙ አድራሻና የቀብዱ ስልክ ቁጥር አብረው ከዓይንዎ ይጠፋሉ። ፖሊስ ጋ ሲሄዱ የሚያሳዩት ነገር አይኖርም። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ይመድቡና መጀመሪያ ማስረጃውን ይሰብስቡ።

ስክሪን ሾት ብቻውን ደካማ ነው፤ ማንም ፎቶ ማስተካከል ይችላል ይባላል። የስልክዎን ስክሪን መቅጃ ያብሩና ከሰውየው ፕሮፋይል ይጀምሩ። ቪዲዮ ከፍተው ያሳዩ፣ ወደ ፕሮፋይሉ ይመለሱ፣ የቴሌግራም ሊንኩን ይንኩ፣ ቻናሉ ውስጥ ገብተው ገንዘብ ላኩ የሚልበት ቁጥር ድረስ ሳያቋርጡ ይሂዱ። ዋናው ነገር ቲክቶኩና የገንዘቡ ቁጥር በአንድ ክር መያያዛቸው ነው።

ከዚያ ሊንኮቹን አንድ በአንድ ይጻፉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የፕሮፋይሉን ሊንክ ብቻ ይዞ ይመጣል፤ የቲክቶክ መጠሪያ ደግሞ በየ30 ቀኑ ሊቀየር ይችላል። ሰውየው ስሙን ሲለውጥ የያዙት ሊንክ ባዶ ይሆናል። የማይለወጠው የእያንዳንዱ ቪዲዮ ቁጥር ነው። ሼር ሲያደርጉ የሚመጣው አጭር ሊንክ `vm.tiktok.com` የሚል ከሆነ በብራውዘር ይክፈቱት። ረጅሙ ሊንክ ላይ ከ`/video/` ቀጥሎ 19 አሃዝ ያለው ቁጥር ያገኛሉ። በደብተር ሁለት ዓምድ አስምረው በግራ የእርስዎን፣ በቀኝ የሱን ይጻፉ።

ስለዚህ ቁጥር አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ጠበቆችም ብዙ አያውቁትም። ቁጥሩ የሚሰጠው በጊዜ ቅደም ተከተል ነው፤ የመጀመሪያው ክፍሉ ሰዓቱን ይዟል። ስለዚህ ከሁለቱ አነስተኛው ቁጥር ቀድሞ የተጫነው ነው። በ31ዱም ጥንድ ላይ የእርስዎ ካነሰ ጥሩ ደጋፊ ማስረጃ ነው። ደጋፊ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ቀድሞ መጫን ብቻውን ባለቤት አያደርግም። ሌባ ከባለቤቱ ቀድሞ የጫነበት ጉዳይ እኔው ጋ መጥቶ ያውቃል።

አሁን የመጀመሪያው ሪፖርት ለምን እንደወደቀ እንይ። እዚህ ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች አሉ፤ መሄጃቸውም የተለያየ ነው። አንዱ ሰውየው «እኔ እሷ ነኝ» ማለቱ ነው፤ ሌላው የእርስዎን ሥራ መገልበጡ። የመጀመሪያውን የሚያዩት ሰዎች የሚመረምሩት ማንነትን እንጂ ቪዲዮውን ማን እንደቀረጸው አይደለም። እርስዎ ቲክቶክ ላይ የሚታወቁት በቤት ስም ከሆነና መታወቂያዎ ላይ ያለው ሌላ ከሆነ፣ ሁለቱን የሚያገናኝላቸው ነገር የለም። «የትኛዋ ናት እውነተኛዋ?» ብለው ይተዉታል። ስለዚህ በራስዎ ፕሮፋይል ማብራሪያ ላይ በፋይዳ መታወቂያዎ ያለውን ስም ይጨምሩ። ከዚያ ከራስዎ አካውንት ሆነው፣ ሰውየው ሌላ ሰው አስመስሏል የሚለውን፣ ቀጥሎም ያስመሰለው «እኔን» የሚለውን ይምረጡ። መታወቂያ ከጠየቁ ይላኩ። ሰውየው አካውንቱን ነገ «የአድናቂዎች ገጽ» ብሎ ቢሰይመው ደግሞ ይህ መንገድ ይዘጋል፤ ቲክቶክ በግልጽ እንዲያ ብለው የጻፉ ገጾችን ይፈቅዳል። ቪዲዮዎቹ ግን ያኔም የእርስዎ ናቸው።

ለዚህ ነው ሁለተኛው መንገድ የሚሻለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለጥበቃው ምዝገባ አይጠይቅም። ሥራው ወጥ ከሆነና ተቀርጾ ከተቀመጠ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጥበቃ አለው። አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገብ ይቻላል፤ ፍርድ ቤት ሲሄዱም ያግዛል፤ ግን ሳያስመዘግቡ መብት የለዎትም የሚልዎትን አይስሙ።

የቲክቶክ የቅጂ መብት ቅጽ `tiktok.com/legal/report/Copyright` ላይ ነው። ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ የእርስዎ ቪዲዮ ሊንክ፣ የሱ ሊንክና የባለቤትነት ማስረጃ ይጠይቃል። መጨረሻ ላይ የጻፍኩት እውነት ነው ብለው ይፈርማሉ። ፊርማው ቀልድ አይደለም። ቅጹ የሚከተለው ዲኤምሲኤ የሚባለውን የአሜሪካ ሕግ ነው፤ አውቆ የሐሰት አቤቱታ ያቀረበ ይጠየቅበታል። ሌላም ነገር አለ፤ ስምዎና ኢሜይልዎ ለሰውየው ሊደርስ ይችላል። ለዚህ ጉዳይ ብቻ አዲስ ኢሜይል ይክፈቱ፤ የባንክና የቴሌብር ነገርዎ የተያያዘበትን አይስጡ።

ወደ ጥያቄዎ ልብ ልምጣ፣ ወደ ኦሪጅናሉ። 31ዱንም በአንድ ጊዜ መላክ የለብዎትም። የወንድምዎን ልጅ ይጠይቁት፤ የቀረጸው በሱ ስልክ ከሆነ የተወሰኑት እዚያ አሉ። አንዳንዱ ጎግል ፎቶስ ላይ ተቀምጦ ይሆናል፤ አንዳንዱ የካፕካት ፕሮጀክት ውስጥ ይገኛል። 12 ብቻ ተገኙ እንበል። በነዚያ 12 ይጀምሩ። ጥሰት ሲደጋገም የሚዘጋው አካውንቱ ራሱ ስለሆነ፣ ጥቂት ጠንካራ ሪፖርት ከብዙ ልል ሪፖርት ይሻላል።

ጠንካራ የሚያደርገው ምንድን ነው? ሰው ሁሉ ቀኑን ያያል፤ ፋይሉ `VID_20240312_101522.mp4` ዓይነት ስም አለው፣ ውስጡም የተቀረጸበት ሰዓት አለ። ግን ስም ይቀየራል፣ ሰዓትም ይቀየራል። እኔ ይበልጥ የማምነው ቆርጠው የጣሉትን ነው። ቲክቶክ ላይ የወጣው ስለ ክትባት የሚያወራው 50 ሴኮንድ ከሆነ፣ ኦሪጅናሉ ላይ ከመጀመርዎ በፊት ጉሮሮዎን ሲጠርጉ፣ ዶሮዋ ካሜራውን ስትገፋው፣ ልጁ «ድገሚው» ሲልዎት አለ። ያ ክፍል ለሕዝብ ስላልወጣ ሌባው ሊኖረው አይችልም። ከወጣው ቪዲዮ ግራና ቀኝ ያለውን ይህንን ትርፍ ያሳዩ። ፋይሉን ለኔም ሆነ ለፖሊስ ሲልኩ በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ አይላኩት፤ ይጨመቅና ዝርዝሩ ይጠፋል። «ፋይል» ብለው ይላኩ ወይም በፍላሽ ይዘው ይምጡ። ያለውንም ዛሬውኑ ሁለት ቦታ ይገልብጡ።

ኦሪጅናል ለሌላቸው 19 ቪዲዮዎች የራስዎ አካውንት ይረዳል። በኮምፒዩተር ሲከፍቱት የተጫነበት ቀን ይታያል፤ የቁጥሩ ቅደም ተከተልም አለ። ፊትዎም አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል። ይህ ከቅጂ መብት የተለየ ክርክር ነው፤ ኦሪጅናል ፋይል አይጠይቅም፤ ግን የሚሠራው ፍርድ ቤት እንጂ ቲክቶክ ቅጽ ላይ አይደለም።

ሁለት የተደበቁ ድንጋዮች አሉ። አንደኛው የወንድምዎ ልጅ ነው። አሁን ፍቅር ነው፤ ተከራካሪው ግን «ቀራጩ ሌላ ሰው ነው፣ እሷ ባለቤት አይደለችም» ሊል ይችላል። ለተንቀሳቃሽ ምስል ሕጉ ባለመብት የሚያደርገው፣ ሌላ ውል ከሌለ፣ ሥራውን ያነሳሳውንና ኃላፊነት ወስዶ ያሠራውን ሰው ነው። ቢሆንም አንድ ገጽ ወረቀት ይጻፉ፦ ቪዲዮዎቹን የቀረጽኩት በአክስቴ አሠሪነት ነው፣ መብቱ የሷ ነው። ልጁ ይፈርም፣ ሁለት ምስክር ይፈርም። ሁለተኛው ድንጋይ ዘፈን ነው። ከጀርባ የሰው ሙዚቃ ያለበት ቪዲዮ ላይ «ሁሉም የኔ ነው» ብለው አይፈርሙ፤ ምስሉና ንግግሩ የኔ ነው ይበሉ።

ሪፖርቱ ከተሳካ በኋላ ሰውየው «ተሳስተዋል፣ የኔ ነው» ብሎ መልስ ሊያስገባ ይችላል። በአሜሪካው ሕግ ያኔ እርስዎ ክስ መመሥረትዎን ካላሳዩ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ውስጥ ቪዲዮው ሊመለስ ይችላል። አጭበርባሪ ይህን ብዙም አይደፍርም፤ ስምና አድራሻውን መስጠት አለበትና። ከሰጠ ግን ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት፤ ስትፈልጉት የነበረውን አድራሻ በራሱ እጅ ሰጠ።

የቴሌግራሙን ቻናል ቴሌግራም ውስጥ ለ`@notoscam` ያሳውቁ፤ የተገለበጡትን ቪዲዮዎች ደግሞ ለ`dmca@telegram.org` ይጻፉ።

ገንዘቡን በተመለከተ የተበደለው የሰበታው ሰውዬ ነው። ስልኩን ይዘውለት ከሆነ ይደውሉለት። እሱ በላከው ገንዘብ የቴሌብር የግብይት ቁጥር አለው፤ እርስዎ የለዎትም። አብራችሁ ፖሊስ ጋ ሄዳችሁ አመልክቱ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 10፣ ያልሆነውን ነኝ ብሎ ሰው አታልሎ ጥቅሙን የሚጎዳ ድርጊት እንዲፈጽም ያደረገ፣ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል ይላል። ገንዘቡ የገባበት ቁጥር በማን ስም እንደሆነ ለግለሰብ አይነገርም፤ በምርመራ በኩል ግን ይገኛል። ለእርስዎም ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ማመልከቻው «ሴትየዋ ራሷ ናት የበላችኝ» ለሚል ሌላ ሰው የመጀመሪያው መልስዎ ነው።

ሰውየው ማን እንደሆነ ሲታወቅ የፍትሐ ብሔር ክሱ ይከተላል። አዋጅ 410 አንቀጽ 34 ለሞራል ጉዳት ካሣ ዝቅተኛውን 100,000 ብር ያደርገዋል፤ የቀረብዎት ገቢ ከዚያ በላይ ለብቻው ይሰላል። ይህንን ቁጥር ሰምተው ነገ ጠበቃ አይቅጠሩ። ተከሳሹ በስም ሳይታወቅ ክስ አይከፈትም፤ ከታወቀም ካሣውን የሚከፍልበት ነገር ያለው መሆኑን እንይ። እስከዚያው በራስዎ ገጽ ላይ «ቀብድ አልቀበልም፣ ቴሌግራም ቻናል የለኝም» የሚል ቪዲዮ ይቅረጹና ከላይ ይሰኩት። በዚያ ቪዲዮ ግን የጓሮዎን በር አያሳዩ፤ ካርቶን ይዞ የሚመጣ አይጠፋም።