የአልተርኔቲንግ ሲሪስ ጥያቄና መልስ፦ ደምረን ካቆምን በኋላ የሚቀረው ስህተት

የአንደኛ ዓመት ተማሪ፦ መምህር፣ የ1 − 1/2 + 1/3 − 1/4 … 10 ተርም ደምሬ 0.6456 አገኘሁ። ስህተቱ ስንት ነው?

መምህሩ፦ ሕጉ ስህተቱ ከቀጣዩ ተርም አይበልጥም ይላል፤ ስለዚህ ከ1/11፣ ማለትም ከ0.0909 አይበልጥም። ይህ ግን ጣሪያው እንጂ ስህተቱ ራሱ አይደለም። 11ኛውን ተርም ብትጨምር 0.7365 ላይ ትወጣለህ፤ 12ኛው መልሶ ያወርድሃል። እያንዳንዱ እርምጃ ከፊተኛው ስለሚያጥር እውነተኛው ድምር ከሁለቱ ቁጥሮች መካከል መውጣት አይችልም። ድምሩ ln 2፣ ማለትም 0.6931 ገደማ በመሆኑ የቀረህ 0.0475 ነው፤ ከጣሪያው ግማሽ ብዙም አይርቅም። ተርሞቹ እንዲህ ቀስ ብለው ሲያንሱ የሁለቱን ድምሮች አማካይ መውሰድ ይጠቅማል፤ እዚህ 0.6911 ይሰጥሃል፣ ስህተቱም ወደ 0.002 ይወርዳል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ተርሞቹ፣ ምልክታቸውን ትተን፣ ሳያቋርጡ ሲቀንሱ ነው።

ሌላ አባል፦ ተርሞቹ ወደ ዜሮ ከሄዱ አይበቃም እንዴ? መቀነሱን ማረጋገጥ ለወጉ ያህል ይመስለኛል።

መምህሩ፦ አይበቃም። 1 − 1/4 + 1/3 − 1/16 + 1/5 − 1/36 … የሚለውን ተመልከት። ተርሞቹ ወደ ዜሮ ይሄዳሉ፣ ምልክታቸውም ይቀያየራል። ሆኖም ተቀናሾቹ በሙሉ ቢደመሩ 0.42 እንኳ አይሞሉም፤ ተደማሪዎቹ 1፣ 1/3፣ 1/5 … ግን ያለ ገደብ ያድጋሉ። ስለዚህ ሲሪሱ ዳይቨርጅ ያደርጋል። 1/4 ካለፈ በኋላ 1/3 መምጣቱን ያየ ሰው እዚያው ላይ መጠርጠር ነበረበት።

ያው አባል፦ መጀመሪያ ላይ ከፍ ዝቅ ብሎ ከ5ኛው ተርም በኋላ ብቻ የሚቀንስ ከሆነስ?

መምህሩ፦ ይሠራል፤ ነገር ግን ስህተቱን በቀጣዩ ተርም የምትለካው መቀነስ ከጀመረ በኋላ ካቆምክ ነው። አሁንም እላለሁ፣ መቀነሱን አረጋግጥ።

አንድ ተማሪ፦ ስህተቱ እንዴት ነው የሚሠራው?

መምህሩ፦ የትኛው ሲሪስ? ስንት ተርም? ከላይ ያለውን አንብበህ ተመለስ።

የምህንድስና ተማሪ፦ እኔ በፕሮግራም 4(1 − 1/3 + 1/5 − …) እየደመርኩ π ለማግኘት ሞክሬ ነበር። ስህተቱ ከ0.001 እንዳይበልጥ በሕጉ 2000 ተርም ያስፈልጋል ብዬ ሠራሁ፤ ጓደኛዬ ግን 1000 ይበቃል ብሎ ይከራከረኛል።

መምህሩ፦ ያንተ ስሌት ትክክል ነው፤ ከ2000 ተርም በኋላ ቀጣዩ 4/4001 ነው፣ ከ0.001 ያንሳል። ጓደኛህም አልተሳሳተም፤ እዚህ ሲሪስ ላይ ከn ተርም በኋላ የሚቀረው ከ1/n በጥቂቱ ብቻ ያንሳል፣ ስለዚህ 1000 ለጥቂት ይበቃል። ልዩነቱ ያንተ ከሕጉ በቀጥታ መውጣቱ፣ የእርሱ ግን ተጨማሪ ማስረጃ መፈለጉ ነው።

ሌላ አባል፦ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ የኬረላው ማዳቫ ለዚሁ ሲሪስ የማረሚያ ተርም እንደነበረው ይነገራል፤ ለምን 1000 ተርም ትደምራላችሁ?

መምህሩ፦ ልክ ነህ፣ ግን ጥያቄው ማረሚያ ሳይሆን ጣሪያ ነው።

የምህንድስና ተማሪ፦ ታዲያ ፈተና ላይ 1000 ብዬ ብጽፍ?

መምህሩ፦ ማስረጃውን ካልጻፍክ እኔ ነጥብ እቀንሳለሁ፤ ሌላው መምህር ምን እንደሚያደርግ ግን እርሱን ጠይቅ።