በሰው ትሬንድ የራስን ሙያ ማሳየት፦ ከሰሜን ሸዋ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

መልስ የሰጡት በደብረ ብርሃን ለአነስተኛ ነጋዴዎችና ለእጅ ሙያተኞች አጫጭር ቪዲዮ የሚያዘጋጁ ባለሙያ ናቸው።

ከመሐል ሜዳ፦ «እናቴ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፣ አባቴ ባና ይሠራል። "እኛ እንትን ነን፣ በእርግጥ እንዲህ እናደርጋለን" የሚለውን ትሬንድ በእነሱ ልሠራው አሰብኩ። ያየሁት ግን ሁሉም የነርስና የቢሮ ሠራተኛ ነው። የቱን ልውሰድ፣ የቱን ልተው?»

ይህ ትሬንድ በ2016 ዓ.ም. ቲክቶክ ላይ በሰፊው ሲዞር የነበረ ነው፤ ብዙ ሙያተኞች ስለሠሩት ለመለየት ይመቻል። እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ስድስት ያህል ሰዎች የሠሯቸውን ይምረጡና አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍለው ይመልከቷቸው። በስድስቱም ውስጥ የሚገኘውን በቀኝ፣ በአንዱ ብቻ ያዩትን በግራ ይጻፉ። በቀኝ በኩል የሚቀሩት ጥቂት ነገሮች እንደሚሆኑ አስቀድሜ ልነግርዎት እችላለሁ፦ ሁሉም ሰው አረፍተ ነገሩን በአንድ ዓይነት አነጋገር ይጀምራል፣ ተናጋሪው በሌላ ሳይሆን በራሱ ሙያ ልማድ ይቀልዳል፣ በየአረፍተ ነገሩ ፊት ይቀየራል፣ አንዱ ንግግር ከሦስት ወይም ከአራት ሰከንድ አያልፍም። ቅርጹ ይኸው ነው፤ ይህን ያለ ሥጋት ይውሰዱት። በግራ በኩል የተጻፈው ግን፣ ለምሳሌ አንዷ ነርስ መጨረሻ ላይ ጓንቷን አውልቃ ወደ ካሜራው የምትወረውርበት አኳኋን፣ የእሷ ፈጠራ ስለሆነ በጓንቱ ፋንታ እንዝርት ቢያስወረውሩም ያው የእሷ ነው።

ከዚያ በኋላ ስልኩን ይዝጉት። ግማሽ ቀን ከወላጆችዎ አጠገብ ደብተር ይዘው ይቀመጡና የሚያስቀውን ሳይሆን የሚያደርጉትን ብቻ ይጻፉ። ቀልዱ ከዚያ ይወጣል፤ ከሌላ ሰው ቪዲዮ ፊት ተቀምጦ የሚጻፍ ቀልድ ግን ጸሐፊው ሳያውቀው ያንኑ ቪዲዮ ይመስላል።

አሁንም ከመሐል ሜዳ፦ «ሦስት አረፍተ ነገር ጽፌያለሁ። አንደኛ፣ "እኛ ባና ሠሪዎች ነን፣ በእርግጥ ደንበኛው ዋጋ ጠይቆ ይሄዳል።" ሁለተኛ፣ "እኛ ባና ሠሪዎች ነን፣ በእርግጥ ጠዋት ቡና ሳንጠጣ ማንም እንዳያናግረን።" ሦስተኛ፣ "እኛ ባና ሠሪዎች ነን፣ በእርግጥ በግ ስናይ ከሥጋው በፊት ጠጉሩን እናያለን።" እንዴት ናቸው?»

የሙያውን ስም አውጥተው በቦታው «ጫማ ሠሪዎች» የሚለውን ያስገቡ። የመጀመሪያው ምንም ሳይጎድለው ለጫማ ሠሪም ይሠራል፤ የማንም ቅጂ ላይሆን ይችላል፣ የባና ሠሪም ግን አይደለም። ሁለተኛው የቢሮ ሠራተኞቹ ቀልድ ስሙ ብቻ ተቀይሮ የመጣ ነው፤ ከየት እንዳገኙት ቢጠየቁ የሚያስታውሱት ይመስለኛል። ሦስተኛው ጫማ ሠሪ አፍ ላይ አይቀመጥም። መንዝን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ወዲያው ይገባዋል፤ የማያውቀውም በጉን ሲያይ ይገባዋል። ስለዚህ ሦስተኛውን ይዘው ሌሎቹን ይጣሉ፣ በእሱ ዓይነትም አራት ይጨምሩ። እንግዳ ሲመጣ መደቡ ላይ የተከመረው ጠጉር ወዴት ይሄዳል? እናትዎ ወሬ እያወሩ እንዝርቱን ሳያዩ የሚፈትሉ ከሆነስ? ለካሜራ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው። አምስት ጥሩ አረፍተ ነገር ካገኙ ለሃያ ሰከንድ ቪዲዮ ይበቃሉ፤ ስምንት ለመሙላት ሲሉ የቡናውን መልሰው እንዳያስገቡ።

ከደብረ ሲና፣ መምህር፦ «እኔ እንደማውቀው ሐሳብ በሕግ አይጠበቅም። እንግዲያው ቃሉን ቀይሬ የመጀመሪያውን ሰው ስም ከሥር ከጻፍኩ ጉዳዩ አበቃ ማለት አይደለም?»

የመጀመሪያው አረፍተ ነገርዎ ትክክል ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የሚሰጠው ለሥራው አገላለጽ እንጂ ለሐሳቡ ወይም ለአሠራር ዘዴው አይደለም። ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው አይከተልም። ስም መጥቀስ ምስጋና ነው፤ ፈቃድ አይደለም። የአንድን ሰው የቀልድ ቅደም ተከተል፣ የካሜራ አቀማመጥና መዝጊያ እንዳለ ወስደው ቃላቱን ብቻ ቢቀይሩ፣ ስሙን መጻፍዎ ከየት እንደወሰዱት ለተመልካች ከማሳየት ያለፈ ጥቅም የለውም። ይህ በእኔ ላይ ደርሷል። ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ ለአንድ ብርድ ልብስ ሻጭ በሠራሁት ቪዲዮ ውስጥ የሌላ ሰው መዝጊያ ነበረበት፤ ስሙንም ከሥር ጽፌ ነበር። በማግስቱ ኮሜንቱን የሞላው ስለ ብርድ ልብሱ የተጻፈ ሳይሆን ሁለቱን ቪዲዮዎች የሚያነጻጽር ነበር፣ ደንበኛዬም ቪዲዮው እንዲወርድ ጠየቀኝ።

አንድ ነገር ግን ለእኔም አልጠራልኝም። አዋጁ የውዝዋዜ ድርሰትን ይጠብቃል፤ አሥር ሰከንድ የሚቆይ ጥቂት የእጅ ምልክት ግን ድርሰት ይሁን ተራ እንቅስቃሴ ሰዎች ይከራከሩበታል። እኔ የምልክት ቅደም ተከተል የአንድ ሰው መሆኑ ሲታወቅ አልነካውም።

ከሸዋ ሮቢት፣ የሽንኩርት ነጋዴ፦ «ትሬንዱ የራሱ ዘፈን አለው። ዘፈኑን አውርጄ ከሽንኩርቱ ቪዲዮ ጋር ብለጥፈውስ?»

አያውርዱት። ከቪዲዮው ላይ ያለውን የድምፅ ምልክት ተጭነው ሲጠቀሙ ድምፁ ከባለቤቱ ጋር እንደተያያዘ ይቆያል፤ አውርደው መልሰው ሲጭኑት ግን «ኦሪጅናል ድምፅ» ተብሎ በእርስዎ ስም ሊወጣ ይችላል፣ ይህም ሳያስቡት የሰውን ሥራ የራስ ማድረግ ነው። አካውንትዎ በንግድ ዓይነት የተከፈተ ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ የታወቁ ዘፈኖች አይፈቀዱልዎትም፤ ለንግድ ከተፈቀደው የሙዚቃ ስብስብ ብቻ ነው የሚመርጡት። ለእርስዎ የምመክረው ሽንኩርቱ ከጆንያ ወደ ሚዛን ሲወርድ የሚያሰማውን ድምፅ ነው፤ የትሬንዱን ምት ጠብቀው ቢቆርጡት ዘፈኑ አያስፈልግዎትም።

ከአንኮበር፦ «የእኔን ቪዲዮ አንድ ሰው አውርዶ በራሱ ገጽ ለጥፎታል። ቅርጹን ነው የወሰድኩት ይላል።»

የእርስዎ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ምስሉ የእርስዎ ከሆነ የቅርጽ ክርክር የለበትም። የመጀመሪያውን ፋይል ከነቀኑ ያስቀምጡና በመተግበሪያው ውስጥ ባለው የቅጂ መብት ማመልከቻ ያስታውቁ።

ከደብረ ብርሃን፦ «ስድስት ቪዲዮ አይተህ፣ ግማሽ ቀን ተቀምጠህ፣ ደብተር ሞልተህ… እስከዚያ ትሬንዱ አልፏል።»

አንዳንዱ በእርግጥ ያልፋል፤ አልከራከርዎትም። በአንድ ዘፈን ላይ የተንጠለጠለው ቶሎ ስለሚሞት ለእሱ ይህን ያህል አልደክምም። በአነጋገር ላይ የቆመው ግን ይዘገያል፤ ካለፈም በኋላ የተጻፉት አረፍተ ነገሮች በደብተሩ ላይ ስለሚቀሩ በሌላ ቅርጽ ይወጣሉ። የተቀዳው ቀልድ ብቻ ነው ከትሬንዱ ጋር አብሮ የሚቀበረው።

ከመሐል ሜዳ፣ ለመጨረሻ ጊዜ፦ «አባቴ "በእርግጥ" የሚለውን ቃል አልልም ብሎኛል። "እንዲህ ብዬ አውርቼ አላውቅም" አለ።»

አያስገድዷቸው። ቅርጹ የሚፈልገው ድግግሞሹን እንጂ ቃሉን አይደለም። አባትዎ በዘወትር ንግግራቸው «ታዲያሳ» የሚሉ ከሆነ እሱኑ ይበሉ፣ እናትዎም ያንኑ ይድገሙት፤ ሁለቱ የተለያየ ቃል ከተጠቀሙ ግን ተመልካቹ ትሬንዱን አያውቀውም። አባትዎ ከመወርወሪያው ቀና ሳይሉ ቢናገሩት ደግሞ የተሻለ ነው።